ቫኪዩም ክሊነሩ ይጮሃል ግን አይስብም፦ ከፊልተሩ እስከ ክዳኑ ጎማ

ቫኪዩም ክሊነር ብዙ ጊዜ በአንድ ቀን አይሞትም። መጀመሪያ ምንጣፉ ላይ ሁለቴ ሦስቴ ካላለፈ ቆሻሻ አያነሳም። ቀጥሎ ፍርፋሪውን ወዲያ ወዲህ መግፋት ይጀምራል። በመጨረሻ ይጮሃል፣ ግን አይስብም። ያኔ ቤተሰቡ "ሞተሩ ተቃጥሏል" ብሎ ጥግ ያስቀምጠዋል። ሞተሩ በደንብ እየጮኸ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሱ አይደለም። ወይ ፊልተሩ ሞልቷል፣ ወይ ቱቦው ተደፍኗል፣ ወይ አየር እንዳይገባ የሚያሽገው ጎማ ተሰንጥቋል።

እዚህ የምጽፈው ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በየቤቱ ስለማየው ዓይነት ነው። ከታች በርሜል የመሰለ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ አለው። ከላይ ሞተሩን የያዘ ክዳን በሁለት ወይም በሦስት ክሊፕ ይታሰራል። በመሀል የጨርቅ ፊልተር አለ። ብዙው ከጅዳ፣ ከሪያድ ወይም ከዱባይ በዘመድ እጅ የመጣ ነው። መጅሊስና ወፍራም ምንጣፍ ባለበት ቤት ደግሞ ያለሱ ጽዳት ከባድ ነው። ወረቀት ከረጢት ያለው ወይም ከረጢት አልባ ትንሽ ማሽን ቢኖራችሁም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ቅደም ተከተሉን አትቀይሩት። ፊልተር፣ ከዚያ ቱቦ፣ ከዚያ ጎማ። ይህን የምለው ፊልተር ለመክፈት ስለሚቀል ብቻ አይደለም። ፊልተሩ ከተደፈነ በርሜሉ ውስጥ የሚፈጠረው ስበት ደካማ ይሆናል። ስበቱ ደካማ ሲሆን የተሰነጠቀ ጎማም ቢኖር አያፏጭም፣ አየር ሲያስገባም አይታወቅም። ስለዚህ ከጎማው የጀመረ ሰው የተሰነጠቀውን "ደህና ነው" ብሎ ያልፈዋል።

ከመክፈታችሁ በፊት አድምጡት

መጀመሪያ የቱቦውን እጀታ ተመልከቱ። ብዙዎቹ ላይ ወደ ጎን የምትንሸራተት ትንሽ መስኮት አለች። መጋረጃ ሲጸዳ ጨርቁን ጎትቶ እንዳይውጠው ስበቱን የምትቀንስ ናት። ልጆች ይከፍቷታል፣ ከዚያ ተረስታ ትቀራለች። ክፍት ከሆነች ዝጉና ሞክሩት። አንዳንዴ ሥራው እዚሁ ያልቃል።

ካልሆነ ማሽኑን አብሩና ድምፁን ስሙ። አሁን የቱቦውን ጫፍ በመዳፋችሁ ለሦስት ወይም ለአራት ሰከንድ ድፈኑት። ጤነኛ ማሽን ወዲያው ድምፁ ይቀጥናል። ምክንያቱም የሚገፋው አየር ስላጣ ሞተሩ ሸክሙ ይቀለውና ይፈጥናል። ብዙ ሰው ድምፁ ሲቀጥን ሞተሩ የተጨነቀ ይመስለዋል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ታውቃላችሁ። ምንም ሳትደፍኑት ከመጀመሪያው ቀጭን ድምፅ ካለው አንድ ቦታ ተደፍኗል፤ ፊልተሩና ቱቦው ላይ አተኩሩ። ደፍናችሁት ድምፁ ምንም ካልተለወጠ ደግሞ አየሩ በሌላ በኩል እየገባ ነው፤ የተቀደደ ቱቦ ወይም ያረጀ ጎማ ሊኖር ይችላል። ለረጅም ጊዜ ግን ደፍናችሁ አትያዙ። በብዙ ማሽኖች ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ያው የሚስበው አየር ነው።

ድምፁ ወፍራምና ዘገምተኛ ከሆነ ማሽኑን ሳይሆን መብራቱን ጠርጥሩ። ማታ ማታ ኃይል ሲወርድ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ስበቱም ይወርዳል። ቴስተር ያለው ሰው ሶኬቱን ይለካ፤ ከ220 ቮልት በጣም ከወረደ በሌላ ሰዓት ሞክሩት።

ስለ ከፍታም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። እውነት ነው፣ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ አንድ ማሽን ጅዳ ላይ የሚስበውን ያህል እዚህ አይስብም። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ትንሽ ይሻላል። ይህ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ ልዩነት ነው። ባለፈው ወር ሲስብ የነበረ ማሽን ዛሬ ካቆመ የጦሳን ተራራ አትውቀሱት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ ስትሠሩ ሶኬቱን ንቀሉ። ለሙከራ ብቻ ነው መልሳችሁ የምትሰኩት።

አንደኛ፦ ፊልተሩ

ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው ከጅዳ የላከችላቸውን ማሽን እንዳይ ጠሩኝ። "ልጄ፣ ሞተሩ ሞቶ ከሆነ እውነቱን ንገረኝ። ልጅቷ ደግሞ ሌላ ልላክ እያለች ነው" አሉኝ። ሳበራው ምንም ሳይደፈን ቀጭን ድምፅ ያሰማል። ክሊፖቹን ፈትቼ ክዳኑን ሳነሳ በርሜሉ እስከ ግማሽ እንኳ አልሞላም። የጨርቁ ፊልተር ግን ግራጫ ልስን ለብሷል።

"እማማ፣ አመድ ስበውበታል?" አልኳቸው።

"ትንሽ ናት። ቡና ሳፈላ ከምድጃው ሥር የምትፈሰውን ነው እንጂ።"

ያቺ ትንሽ አመድ ናት ጥፋተኛዋ። የከሰል አመድ በጣም ደቃቅ ነው። የምንጣፍ ብናኝ ፊልተሩ ላይ እንደ ጥጥ ተነባብሮ ይቀመጣል፤ አየር ያሳልፋል፣ ሲመቱትም ይረግፋል። አመድ፣ ዱቄት፣ ሲሚንቶና ጀሶ ግን የጨርቁ ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ይደፍኑታል። ስለዚህ "በርሜሉ ገና ነው" ማለት ፊልተሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ወረቀት ከረጢት ላይም ያው ነው፤ ከረጢቱ ሲታይ ባዶ ሆኖ መተንፈስ ያቆማል። በዚያ ላይ አመድ ውስጥ ያልጠፋ ፍም ይደበቃል። ፊልተርና ብናኝ የሞላበት በርሜል ውስጥ ገብቶ ከነፋስ ጋር ሲገናኝ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። አመድ በመጥረጊያና በአካፋ ይነሳ። የእጣን ማጨሻውም እንዲሁ።

አጸዳዱ እንዲህ ነው። በርሜሉን ወደ ፌስታል ገልብጡ። ፊልተሩን ወደ ውጭ አውጡት፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉ። በእጃችሁ መታ መታ አድርጉት፣ ድንጋይ ላይ ግን አትውቀጡት፤ ጠርዙ ያለው ፕላስቲክ ወይም ጎማ ከተጣመመ ሌላ ችግር ይፈጥራል። ቀጥሎ ቆሻሻ የያዘውን ገጽ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በአየር ማስነፋት ይቻላል፣ ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አየሩ ከንጹሑ ገጽ ወደ ቆሻሻው ይንፋ እንጂ በተቃራኒው አይሁን፤ አለዚያ አመዱን ወደ ውስጥ ይቀብረዋል። ርቀቱም ቢያንስ ሁለት ስንዝር ይሁን፤ በቅርብ ከተነፋ ይቀደዳል።

የጨርቅና የስፖንጅ ፊልተር አብዛኛውን ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ እያሻችሁ እጠቡት፣ አትጠምዝዙት። የወረቀት ፊልተር ግን ውሃ አይንካው። እንደ አኮርዲዮን የታጠፈውን ነጭ ፊልተር ጠርዙ ላይ የሚታጠብ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ወይም የውሃ ምልክት ካላያችሁ አትጠቡት።

ትልቁ ስህተት ያለው ማድረቁ ላይ ነው። በብዙ ማሽኖች መመሪያ ላይ 24 ሰዓት ይላል። ኮምቦልቻ ላይ በበጋ ይበቃል። ደሴ ላይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ጉሙ ቀኑን ሙሉ ሲውል፣ ሁለት ቀን ስጡት። ከሰል ምድጃ ላይ ወይም በፀጉር ማድረቂያ አታቻኩሉት፤ ይኮማተራል። መድረቁን ለማወቅ ወፍራሙ ቦታ ላይ ሶፍት ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ሶፍቱ ትንሽ እንኳ ከረጠበ ገና ነው። እርጥብ ፊልተር አቧራውን ጭቃ አድርጎ ይደፍነዋል፣ ይሸታል፣ እርጥበቱም ወደ ሞተሩ ይሄዳል።

ሌላ የሚረሳ ፊልተር አለ። ብዙ ማሽኖች ላይ አየሩ በሚወጣበት በኩል፣ ከትንሽ ክዳን ኋላ፣ ሁለተኛ ፊልተር ይቀመጣል። የፊተኛው ንጹሕ ሆኖ ይሄኛው ከተደፈነ አየሩ መውጫ ያጣል። መውጫ ከሌለው ደግሞ መግባትም አይችልም።

ፊልተሩ ሲደርቅ ጊዜ ይወስዳልና እስከዚያ በከንቱ እንዳትጠብቁ አንድ ሙከራ አለ። በርሜሉን ባዶና ንጹሕ አድርጋችሁ ያለ ፊልተር ክዳኑን ግጠሙ። ቱቦውን አትሰኩ። ለአምስት ሰከንድ ያህል አብሩና መዳፋችሁን ቱቦው የሚገባበት ቀዳዳ ላይ ያዙ። እጃችሁን በኃይል ከያዘው ሞተሩ ደህና ነው። ያለ ፊልተር ምንም ነገር እንዳትስቡ፤ አቧራው ቀጥታ ሞተሩ ውስጥ ይገባል።

እማማ ቤት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። መዳፌን ጭምድድ አድርጎ ያዘው። "ሞተሩ ደህና ነው፤ ለልጅዎ ሌላ እንዳትልክ ይንገሯት" አልኳቸው። ፊልተሩ ታጥቦ እስኪደርቅ ወደ ቱቦው ሄድኩ።

ሁለተኛ፦ ቱቦው

ፊልተሩ ንጹሕ ሆኖ የበርሜሉ ቀዳዳ መዳፋችሁን በኃይል እየሳበ፣ ቱቦው ሲሰካ ግን ጫፉ ላይ ከደከመ፣ ችግሩ በመሀል ነው። ቱቦውን፣ የብረት ቧንቧውንና ብሩሹን አንድ በአንድ ለዩዋቸው። ከበርሜሉ ጀምራችሁ አንድ አንድ ክፍል እየጨመራችሁ በመዳፋችሁ ፈትሹ። ስበቱ የወረደው የትኛውን ስትጨምሩ ነው? የተደፈነው እሱ ነው።

ቱቦው ከሆነ ዘርግታችሁ ወደ ብርሃን ተመልከቱበት። ከተጠማዘዘና ካልታየ የአንድ ብር ሳንቲም በአንዱ ጫፍ ጣሉና ያንን ጫፍ ከፍ አድርጉት። የአብዛኛው ቱቦ ውስጡ ከ3 ሳንቲሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ሳንቲሙ ከዚያ ብዙም አያንስም። ሳይንገጫገጭ ወርዶ ከወጣ መንገዱ ክፍት ነው። ከቆመ ድምፁ የቆመበትን ቦታ በእጃችሁ ያዙ፤ ቱቦውን ስትገለብጡት ሳንቲሙ ይመለስላችኋል።

ድፍኑ ብዙ ጊዜ የሚገኘው መንገዱ በሚታጠፍበት ነው፦ እጀታው ክርን ላይ፣ በርሜሉ መግቢያ ላይ፣ የብሩሹ አንገት ላይ። እኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ለቡና የተጎዘጎዘ ቄጠማ ከፈንዲሻ ጋር ይሳባል። አንዷ የቄጠማ ዘለላ ክርኑ ላይ በወርዷ ትጋደማለች። ፈንዲሻው እሷ ላይ ይቆማል። ከዚያ የምንጣፍ ፀጉርና ክር እየመጣ ይጠመጠምበታል፣ በመጨረሻ እንደ ቡሽ ይወተፋል። ስለዚህ ቄጠማውን በእጅ ወይም በመጥረጊያ ሰብስቡ፣ ማሽኑ ለፍርፋሪው ይቅር።

ለማውጣት ሽቦ አትጠቀሙ። የልብስ መስቀያ ሽቦ ቀጭኑን የቱቦ ግድግዳ ይበሳል፤ ያኔ አንዱን ችግር በሌላ ትለውጣላችሁ። የመጥረጊያ እንጨት ጫፉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ወይም ቁራጭ የውሃ ጎማ ተጠቀሙ። የውሃ ጎማው ይሻላል፣ ከቱቦው ጋር ይታጠፋል። አቅጣጫውም ዋና ነገር ነው። ቆሻሻው በገባበት አቅጣጫ ብትገፉት ይበልጥ ይጠብቃል። በማሽኑ በኩል ካለው ጫፍ ገብታችሁ ወደ መጣበት መልሱት።

የበርሜል ማሽን ካላችሁ ከዚህ የቀለለም አለ። አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ክብ ሆኖ ቱቦውን የሚቀበል ከሆነ ማሽኑ በኩል የሚሰካውን ጫፍ እዚያ ሰኩት። ሌላውን ጫፍ ጆንያ ውስጥ ከታችሁ አፉን ያዙና አብሩት። ማሽኑ ራሱ ድፍኑን ተፍቶ ያወጣዋል። ጆንያውን ሳትይዙ ካደረጋችሁት ግን ቆሻሻው መጅሊሱ ላይ ነው የሚራገፈው።

የእማማ ቱቦ ላይ ሳንቲሙ እጀታው አጠገብ ቆመ። በውሃ ጎማ ስገፋው የተጋደመ ቄጠማ፣ ፈንዲሻና አንድ የሕፃን ካልሲ ወጣ። ካልሲዋ ስትጠፋ ቤቱ ሁሉ ሲፈልጋት ነበር መሰለኝ፣ ሳቃቸው ከውጭ ይሰማ ነበር።

ቱቦውን ከጠረጋችሁ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ማጠብ ይቻላል፣ ግን ሰቅላችሁ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ብሩሹን ገልብጡና የተጠመጠመውን ፀጉርና ክር በመቀስ ቁረጡ።

እግረ መንገዳችሁን ቱቦው መቀደዱን ፈትሹ። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚወጣው መሀሉ ላይ ሳይሆን ሁለቱ ጫፎች አጠገብ፣ ዘወትር የሚታጠፍበት ቦታ ነው። ማሽኑን አብሩ፣ ጫፉን በመዳፍ ድፈኑ፣ ሌላ ሰው ቀጭን የሶፍት ክር ይዞ በቱቦው ላይ ቀስ እያለ ይለፍ። ሶፍቱ የሚጣበቅበት ቦታ ቀዳዳ አለ። ስንጥቁ ጫፉ ላይ ከሆነ ያንን ቁራጭ ቆርጣችሁ ጣሉና ማያያዣውን መልሳችሁ አስገቡ። ብዙዎቹ ማያያዣዎች እንደ ብሎን እየዞሩ ነው የሚገቡት። ቱቦው ትንሽ ያጥራል እንጂ እንደ አዲስ ይሆናል። መሀል ላይ ከሆነ አጽድታችሁና አድርቃችሁ የብስክሌት ካላማዳሪያ ቁራጭ ወጠር አድርጋችሁ ጠምጥሙበት፣ ከላይ በኤሌክትሪክ ቴፕ እሰሩት። ቴፕ ብቻውን ብዙ አይቆይም፤ ቱቦው በታጠፈ ቁጥር ይላቀቃል።

ሦስተኛ፦ ጎማው

አሁን ፊልተሩ ንጹሕና ደረቅ ነው፣ ቱቦው ክፍት ነው። ሁሉንም ግጠሙና የመዳፉን ሙከራ ድገሙት። እማማ ቤት ፊልተሩ ደርቆ ስመለስ ማሽኑ ይስብ ነበር፣ ግን ጫፉን ስደፍነው ድምፁ የሚቀጥነው በጥቂቱ ብቻ ነው። አየር በሌላ በኩል እየገባ ነበር ማለት ነው።

ጎማ የሚገኘው ሦስት ቦታ ነው። ትልቁ በክዳኑና በበርሜሉ መሀል ዙሪያውን የሚሄደው ነው። ሁለተኛው የፊልተሩ ጠርዝ ላይ ነው። ሦስተኛው ቱቦው በሚሰካበት ቀዳዳ ውስጥ ያለች ትንሽ ጎሚኒ ናት።

መጀመሪያ ሳታጸዱት ተመልከቱት። አየር የሚያልፍበት ቦታ አቧራ ይዞ ስለሚያልፍ ጎማው ላይ ቀጭን ግራጫ መስመር ይተዋል። መስመሩ ከውጭ ወደ ውስጥ ጎማውን አቋርጦ ካለፈ ቀዳዳው እዚያ ነው። ካጠባችሁት ይህ ምስክር ይጠፋል። ከፊልተሩ ኋላ፣ ሞተሩ በኩል አቧራ ካያችሁ ደግሞ የፊልተሩ ጠርዝ ነው የከዳችሁ። እሱን በቶሎ አስተካክሉ፤ ያ አቧራ ወደ ሞተሩ ነው የሚሄደው።

ከዚያ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅና በትንሽ ሳሙና ጥረጉ፣ አድርቁ፣ ቀስ ብላችሁ እጠፉት። ስታጥፉት ደቃቅ ስንጥቅ ከታየ ወይም ሲጫኑት ካልተመለሰ አርጅቷል። ያልተሰነጠቀ ከሆነ የወረቀት ሙከራ አድርጉ። ቀጭን ወረቀት ጎማው ላይ አስቀምጡ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ክሊፖቹን ዝጉ፣ ወረቀቱን ጎትቱ። መያዝ አለበት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ እዚያ ቦታ ጎማው እየተጫነ አይደለም። ዙሪያውን እየተዘዋወራችሁ ድገሙት። እማማ ማሽን ላይ በአንደኛው ክሊፕ በኩል ወረቀቱ ተንሸራትቶ ወጣ። ጎማው አልተሰነጠቀም፤ በአንድ ወገን ተጨፍልቆ ቀርቷል።

ለዚህ አዲስ ጎማ ማግኘት ሁሌም አይሳካም። የማሽኑን ሞዴል ከሥሩ ካለው ጽሑፍ ፎቶ አንስታችሁ ጠይቁ። ካልተገኘ ለበርና ለመስኮት የሚሸጠውን ባለ ማጣበቂያ የስፖንጅ ማሸጊያ ተጠቀሙ። ስትጫኑት አየር የማያሳልፍ፣ ጠጠር ያለ ይሁን፤ የፍራሽ ስፖንጅ አይሆንም። ዙሪያውን በክር ለኩ። ውፍረቱ ክዳኑ ሲዘጋ አንድ ሦስተኛው ያህል የሚጨፈለቅ ይሁን። ከዚያ ከወፈረ ክሊፑ አይዘጋም፣ ተገድዶ ከተዘጋም ይሰበራል። ሁለቱ ጫፎች የሚገናኙበትን ቀጥ አድርጋችሁ ሳይሆን በሰያፍ ቁረጡና በማስቲሽ አገናኙ፤ ቀጥ ያለ ቁርጥ ሲጨፈለቅ ይከፈታል። እማማ ማሽን ላይ የድሮውን ጎማ ሳላነሳ ከሥሩ በተጨፈለቀው ወገን ብቻ ቀጭን ማሸጊያ ጨመርኩበት። ወረቀቱ ያዘ። ጫፉን ስደፍነው ድምፁ ወዲያው ቀጠነ።

ጎማ ላይ የሞተር ዘይት፣ ናፍጣ ወይም ቫዝሊን አትቀቡ። ብዙ ዓይነት ጎማ ያብጥና ይለሰልሳል። ከተገኘ ትንሽ የሲሊኮን ቅባት ይበቃል። ክዳኑንም በሲልከን አታጣብቁት፤ ፊልተሩን ለማጽዳት መክፈት አለባችሁ። ሲልከን የሚሆነው በርሜሉ ራሱ ከተሰነጠቀ ነው። ስንጥቁን ለማግኘት ማታ መብራት አጥፍታችሁ የስልክ ባትሪ በርሜሉ ውስጥ አስገቡና ከውጭ ተመልከቱ። ከቀባችሁ በኋላ አንድ ቀን ይደር።

ሦስቱም ደህና ሆነው ካልሳበ

ያኔ የሞተሩ ተራ ነው። ያለ ፊልተርና ያለ ቱቦ መዳፋችሁን መያዝ ካልቻለ፣ የተቃጠለ ሽታ ካለ ወይም ከሞተሩ ብዙ ብልጭታ ከታየ፣ ከዚህ በላይ አትክፈቱት። የሞተሩ ካርቦን አልቆ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ይለወጣል። የሚስበው ፕሮፔለር ላልቶ ወይም ተሰብሮም ሊሆን ይችላል። ሥራ ላይ እያለ በድንገት ጠፍቶ ከግማሽ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሱ ከተነሳ ግን ሙቀት መከላከያው ነው ያጠፋው፤ ተመልሳችሁ ፊልተሩንና ቱቦውን ፈትሹ። ጠጋኝ ጋ ስትወስዱት ያደረጋችሁትን ሁሉ ንገሩት፦ ፊልተሩ ንጹሕ ነው፣ ቱቦው ክፍት ነው፣ ጎማው ወረቀት ይይዛል፣ ሲደፈን ድምፁ እንዲህ ይሆናል። እሱም ቀጥታ ሞተሩን ይከፍታል፣ እናንተም ለፊልተር ጽዳት አትከፍሉም።